ለሚያስለው ነፋስ፣ ለሚወለደው ሙቀት

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ አንድ ንግግር ነው። እኔ በተወለድኩባት የሰሜን ሸዋ ደጋ ቀበሌ ጤና ጣቢያ ሊሠራ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጦ ነበር። ከአዲስ አበባ የተጠራን የአገሩ ተወላጆች፣ የወረዳው ሰዎችና የቀበሌው ነዋሪ በአንድ ትልቅ ድንኳን ውስጥ ተሰብስበናል። ዕድሜዬን በነርስነት ስላሳለፍኩ እንዲህ ያለ ንግግር ብዙ ሰምቻለሁ። ስንት ክፍል እንዳለው፣ ስንት ብር እንደሚፈጅ፣ በስንት ወር እንደሚያልቅ ይነገርና ይጨበጨባል። ንድፉን ያወጣችው አርክቴክት ስትነሣም ያንኑ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ስለ ክፍሎቹ ብዛት አንድም ቃል ሳትናገር ቡና ወደምታፈላው ልጅ ዞር አለችና «እስቲ ዕጣኑን ጨመር አድርጊበት» አለቻት።

ጠዋቱ ብርዳም ስለነበር የድንኳኑ መጋረጃ ዙሪያውን ወርዷል። ጭሱ ወደ ላይ ወጣ፤ ጣሪያው ሥር ተከማቸና ቀስ እያለ ወደ ጭንቅላታችን ወረደ። አርክቴክቷ በአንድ በኩል ያለውን መጋረጃ አስነሣች። ጭሱ ትንሽ ተወዛወዘ እንጂ አልወጣም። ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን መጋረጃ አስነሣች። አንድ ስኒ ቡና ተቀድቶ እስኪሞላ ባልበለጠ ጊዜ ድንኳኑ ጠራ።

«ዕጣኑን የጨመርኩት ዓይናችሁ እንዲያየው ብዬ ነው» አለች። «የሚያስል ሰው ከአፉ የሚወጣው ግን አይታይም። አየር በአንድ በኩል ብቻ ሲከፈትለት መግቢያውም መውጫውም ያው አንዱ ይሆንበታል፤ በሁለት በኩል ሲከፈትለት ግን ያልፋል። እኛ የምንሠራው ቤት አየር የሚያልፍበት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው።»

በሩን የምዘጋው እኔ ነበርኩ

እውነቱን ለመናገር ከዚህ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ንግግሩን አላዳመጥኩም። ሐሳቤ በ1980ዎቹ ወደሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ ሄዶ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ እንደሱ የተሠሩ በየቦታው ስላሉ ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። መሐሉ ላይ ረጅም ኮሪደር ነበረው። ርዝመቱ 12 ሜትር ያህል፣ ስፋቱ ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። የምርመራው፣ የመርፌው፣ የክትባቱና የካርዱ ክፍል በሮች ሁሉ ወደዚሁ ኮሪደር ይከፈታሉ። በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ በገበያ ቀን 30 እና 40 ሰው ይቀመጥበታል። ከወር በላይ ሲያስል የቆየ ገበሬ፣ ሕፃኗን ለክትባት ያመጣች እናት፣ ነፍሰ ጡር፣ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ተራውን ይጠብቃል። በኮሪደሩ ጫፍ አንድ ትልቅ በር ነበር። ብርድ ገባብን እያሉ ሰዎች ሲያማርሩ ያንን በር በየጠዋቱ የምዘጋው እኔ ነበርኩ። ደግ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

በ1989 ዓ.ም. ሳል ያዘኝ። አንድ ወር ሆነኝ፤ ሌሊት ሌሊት ያልበኝ ጀመር፤ ቀሚሴ ሰፋኝ። አክታዬ ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። የዚያን ጊዜው ሕክምና ስምንት ወር ነበር። መጀመሪያ ሁለቱን ወር በየቀኑ መርፌ የምትወጋኝ አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ነበረች። ቤት ውስጥ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ነበረችኝ። እሷ እስክትመረመርና ነፃ ናት እስክባል ድረስ ያሳለፍኩትን ቀን ዛሬም አልረሳውም። ከየት እንደያዘኝ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግረኝ አይችልም። እኔ ዳንኩ፤ ልጄም ዛሬ የልጆች እናት ናት። ያን በር ስዘጋው እዚያ ተቀምጠው ስለነበሩት ሕፃናት ግን አስባለሁ።

የሳንባ ነቀርሳ ጀርም የሚተላለፈው በአየር ነው። በሽተኛው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ጮክ ብሎም ሲናገር እጅግ ጥቃቅን ጠብታዎች ይወጣሉ። ትልልቆቹ ወዲያው መሬት ይወድቃሉ። ትንንሾቹ ግን እንደ ዕጣኑ ጭስ አየር ላይ ተንሳፈው ለሰዓታት ይቆያሉ። በሽተኛው ተነሥቶ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ እንኳ ትንፋሹ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። የሳበው ሁሉ አይታመምም፤ አብዛኛው ሰው ጀርሙ ገብቶበትም ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ሕፃናት፣ አቅም ያነሳቸው ሰዎችና የኤች አይ ቪ ቫይረስ ያለባቸው ግን በቀላሉ ይጠቃሉ። እነሱ ደግሞ ከማንም ይበልጥ ጤና ጣቢያ የሚመላለሱ ሰዎች ናቸው።

አውድማችሁ የት ነው?

አርክቴክቷ ቦታውን ልታይ መጀመሪያ የመጣች ዕለት የጠየቀችው ጥያቄ ሽማግሌዎቹን አስቋቸው እንደነበር ነገረችን። «አውድማችሁ የት ነው? ስታዘሩስ ፊታችሁን ወደ የት ታዞራላችሁ?» ነበር ያለችው። ገለባውን የሚወስደው ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ከገበሬ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቀጥላም በክረምት ዝናብ የሚገርፈው የትኛውን ግድግዳ እንደሆነ ጠየቀች። የበጋው ነፋስና የክረምቱ ዝናብ ከአንድ አቅጣጫ ስለማይመጡ ሁለቱን ለይታ መያዝ ነበረባት።

የሕንፃው አቀማመጥ የወጣው ከዚህ ነው። ነፋሱ መጀመሪያ የሚያገኘው የእናቶችና የሕፃናቱን ክፍል ነው። የሚያስሉ ሰዎች የሚታዩበት ክፍል ነፋሱ በሚወጣበት መጨረሻ ላይ ይሆናል። መፀዳጃ ቤቱ፣ የቆሻሻ ማቃጠያውና የእንግዴ ልጅ ጉድጓዱ ከዚያም አልፈው ነው የሚሠሩት። በግቢው በር ላይ የምትቀመጠው ነርስ «ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል አለህ?» ብላ ትጠይቃለች። አለኝ ያለው በሌላ መንገድ ወደ ራሱ መቀመጫ ይሄዳል እንጂ ከሕፃናቱ ጋር ወረፋ አይጠብቅም።

ኮሪደር የሚባል ነገር በሕንፃው የለም። ከክፍል ወደ ክፍል የሚኬደው ከላይ ጣሪያ ባለው፣ ከጎን ክፍት በሆነ በረንዳ ነው። መጠበቂያውም ያው ሰፋ ያለ በረንዳ ነው፤ ከጀርባ ወንበሩን ከብርድ የሚከልል አጭር ግንብ አለው፣ ከዚያ በላይ ክፍት ነው። የጠዋት ፀሐይ እንዲያገኘው ወደ ምሥራቅ ዞሯል። ይህ የእሷ ፈጠራ እንዳልሆነ አልደበቀችም። በደቡብ አፍሪካ ቱጌላ ፌሪ በምትባል የገጠር ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ በሆነ ጥናት፣ መድኃኒት የማይበግረው የሳንባ ነቀርሳ ከያዛቸው 53 ሰዎች 52ቱ ሞተዋል። ብዙዎቹ በሽታው የያዛቸው እዚያው ሆስፒታል ውስጥ እንደሆነ ተደርሶበታል። ከዚያ በኋላ ንድፍ የሚያወጡ ሰዎች ስለ ሆስፒታል አየር ቆም ብለው ማሰብ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሩዋንዳ የተከፈተው የቡታሮ ሆስፒታል ኮሪደሩን ከቤት ውስጥ አውጥቶ በረንዳ ላይ ያደረገው ለዚህ ነው።

አንድ የጉባኤው ሰው «መስኮት እኮ የድሮዎቹም ነበራቸው» ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። እሷም የሚያስሉ ሰዎች የሚመረመሩበትን ክፍል ምሳሌ አድርጋ በገመድና በካስማ መሬት ላይ አሳየችን። ክፍሉ 5 ሜትር በ4 ሜትር ነው፤ ቁመቱ 3 ሜትር። ስለዚህ 60 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ፊት ለፊት በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ አንድ አንድ ካሬ ሜትር ክፍት ቦታ ይኖረዋል። ጭስን ዘንበል የሚያደርግ ያህል ብቻ፣ በሰከንድ አንድ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ቢኖር፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠቀምበት ስሌት በአንድ ሰዓት ውስጥ 2340 ሜትር ኩብ አየር ያልፋል። ይህ ማለት የክፍሉ አየር በሰዓት 39 ጊዜ ይለወጣል። ያን የሚያህል አየር በኤሌክትሪክ መሣሪያ ለመለወጥ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ቁጥርም ይቆማል።

«አሁን ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ ተንሸራታች መስኮት ግዙ» አለች። «ተንሸራታች መስኮት አንዱ መስታወት በሌላው ላይ ስለሚሄድ የሚከፈተው ግማሹ ብቻ ነው። 39 የነበረው ወደ 20 ይወርዳል። ከፊት ለፊቱ ያለውን መስኮት መድኃኒት ማስቀመጫ ቁም ሣጥን አቁሙበት፤ ያን ጊዜ ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ እንደተነሣው መጋረጃ ይሆናል። ስሌቱም ከዚያ በኋላ አይሠራም።» ስለዚህ መስኮቶቹ በማጠፊያ እስከ ግድግዳው ድረስ የሚከፈቱ ናቸው። ከመስኮቶቹ በላይ፣ ከቆመ ሰው ራስ ከፍ ብሎ፣ ወፍ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ የተደረገበት ቀዳዳ አለ። ያ መዝጊያ የለውም። ሰው ቢፈልግም አይዘጋውም።

የእማማ ጥያቄ

ይህን ጊዜ ከእናቶች ወንበር አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ግን ቀዳዳውን እንዲህ አበዛሽው፤ አራሷንስ ብርድ ይምታት?» አሉ። ሰው ሣቀ። ወረዳው ካቀረባቸው እንግዶች አንዱ «የድሮ ልማድ ነው፣ ንጹሕ አየር ጤና ነው» ሊል ጀመረ። አርክቴክቷ ግን እጇን ዘርግታ አቆመችው።

«እማማ፣ እውነትዎን ነው። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር» አለች። «ለሚያስለው ነፋስ ያስፈልገዋል፤ ለሚወለደው ሙቀት ያስፈልገዋል። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ክፍል ውስጥ ካስገባናቸው አንዱን እንጎዳለን።»

እዚህ ላይ እኔም የማውቀውን ልጨምር። ሕፃን ሲወለድ እርጥብ ነው፤ እርጥበቱ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞበት ይሄዳል። ራሱ ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ፣ ስቡ ትንሽ ነው፤ እንደ እኛ ተንቀጥቅጦ መሞቅም አይችልም። ለእኛ ደስ የሚል በሚመስለን 23 ዲግሪ ሙቀት ባለው ክፍል ውስጥ ራቁቱን የተኛ አዲስ የተወለደ ሕፃን፣ አንድ ትልቅ ሰው ራቁቱን ዜሮ ዲግሪ ላይ ቢቆም የሚያጣውን ያህል ሙቀት ያጣል። ለዚህ ነው የማዋለጃ ክፍል ከ25 ዲግሪ በታች እንዳይሆንና ነፋስ በአልጋው ላይ እንዳያልፍ የሚታዘዘው። ሕፃኑ ወዲያው ይደረቃል፣ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ይደረጋል፣ ራሱ ይሸፈናል፣ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይሞላው አይታጠብም። እጅና እግሩ የቀዘቀዘ፣ መጥባት የሰነፈ፣ ድምፁ የደከመ ሕፃን ምናልባት በርዶት ነውና በቶሎ ይታይ።

በደጋ በሠራሁባቸው ዓመታት እናቶች «እናንተ ዘንድ ለምን አልወለድሽም?» ስላቸው ከሰጡኝ መልሶች አንዱ «ክፍላችሁ ይበርዳል» የሚል ነበር። ቤታቸው እሳት ይነዳል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ በሩ ይዘጋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሲሚንቶ ወለልና ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነበር የሚጠብቃቸው። እኛ ግን መልሱን እንደ ማመካኛ እንቆጥረው ነበር።

አርክቴክቷ ለማዋለጃው ያደረገችው ይህ ነው። ክፍሉ የራሱ ጓዳ መሰል ትንሽ መግቢያ አለው። የውጪው በር ሲከፈት የውስጠኛው ይዘጋል፤ ስለዚህ ነፋስ በቀጥታ አልጋው ላይ አይደርስም። ግድግዳው ከአካባቢው ድንጋይ የሚሠራ ወፍራም ግድግዳ ነው፤ ቀን የያዘውን የፀሐይ ሙቀት ማታ ቀስ ብሎ ይለቃል። ጣሪያው ዝቅ ያለና ኮርኒስ ያለው ነው። መስኮቱ ትንሽ ሆኖ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ብርሃን ያስገባል፣ ከውጪ የሚያልፍ ሰው ግን አያይበትም። አየሩ የሚለወጠው ከጣሪያው ሥር ባሉ አነስተኛ ቀዳዳዎች ነው፤ ያለፈው አየር ከእናትና ከሕፃን በላይ ያልፋል እንጂ በእነሱ ላይ አያልፍም። አየር ፈጽሞ አይዘጋም፤ አዋላጆቹም ቢሆኑ መተንፈስ አለባቸው።

ሌላም ነገር አለ። በቃሬዛ ተይዛ የምትመጣ ምጥ የያዛት ሴት ማዋለጃው በራሱ በር ትገባለች። ቃሬዛውን ከነተሸካሚዎቹ እንዲያሳልፍ በሩ ባለ ሁለት ተካፋች ነው፤ ደረጃም የለውም፣ መሬቱ ቀስ ብሎ ይወጣል። በሚያስሉ ሰዎች መሐል አታልፍም። ጩኸቷንም ወረፋ ጠባቂው አይሰማም።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለችኝ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት። ነርስ የሆነ ሁሉ ስሟን ይማራል። እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው መጽሐፏ የነርስ የመጀመሪያ ሥራ ብላ የጻፈችው፣ በሽተኛው የሚተነፍሰው አየር እንደ ውጪው አየር ንጹሕ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ ሳይበርደው የሚል ማሰሪያም አለው። እኛ ግን ግማሹን ብቻ ይዘን ኖርን። አንዳንዶቻችን ሁሉንም ከፍተን አራሷን አስበረድን፤ አንዳንዶቻችን ሁሉንም ዘግተን በሽታ አዛመትን። ባልቴቷና አርክቴክቷ በዚያ ድንኳን ውስጥ ሁለቱን ግማሾች ገጠሟቸው።

ከሦስት ዓመት በኋላ

ንግግሯን የጨረሰችው በማስጠንቀቂያ ነው። «ይህ ቤት በተመረቀ በሦስተኛው ክረምት ብመጣ ምን እንደማገኝ አውቃለሁ» አለች። «ላይኛው ቀዳዳ ውስጥ ጨርቅና ጆንያ ተጠቅጥቆ አገኛለሁ። በረንዳው ላይ ቦታ ጠበበን ተብሎ አንድ ክፍል ተቀጥሎ፣ ነፋሱ ተዘግቶ አገኛለሁ። ወንፊቱ አቧራ ጠጥቶ ግድግዳ ሆኖ አገኛለሁ። ይህን የሚያደርገው ክፉ ሰው አይደለም፤ የበረደው ሰው ነው። ስለዚህ ለበረደው ሰው ፀሐይ የሚሞቅበት ወንበር፣ ለአራሷ ብርድ ልብስና ምድጃ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ያን ካላደረጋችሁ ቀዳዳውን ይደፍኑታል፤ አልፈርድባቸውም።» የነፋሱንም ድክመት አልሸሸገችም። ነፋስ በማይነፍስበት ሌሊት ስሌቱ ግማሽ ያህል እንኳ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ሳንባ ነቀርሳ የተጠረጠረ ሰው ሌሊቱን እዚያ እንዲያድር አልታሰበም፤ መድኃኒቱን በተመላላሽነት ይወስዳል።

የሕንፃውን ጤንነት ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያም ያው ዕጣን ነው። በየሦስት ወሩ በየክፍሉ ዕጣን ይጨሳል። ጭሱ ወደ የት እንደሚሄድ ይታያል። ከሚያስሉት ክፍል ወደ ሕፃናቱ ወረፋ የሚመጣ ከሆነ አንድ የተከፈተ መሆን ያለበት ተዘግቷል፣ ወይም የተዘጋ መሆን ያለበት ተከፍቷል። በማዋለጃው አልጋ ላይ ጭሱ ቢወዛወዝ ሕፃኑ እየበረደው ነው። ይህን የሚከታተሉ አራት ሰዎች እዚያው ተመረጡ፤ አንደኛዋ ጥያቄውን ያነሡት ባልቴት ናቸው።

ወላጆችና አያቶች፣ ይህን ለእናንተ የጻፍኩት ጤና ጣቢያ ትሠራላችሁ ብዬ አይደለም። የልጅ ልጆቻችን የሚተኙበትን ክፍል እኛው ነን የምንከፍተውና የምንዘጋው። እኔ ከዚያ በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን የልጅ ልጆቼ በሚተኙበት ክፍል ዕጣን አጨስኩ። መስኮቱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ተንሸራታች። ጭሱ ከሩብ ሰዓት በላይ እዚያው ቆየ። በሩንና ፊት ለፊቱ ያለውን የሳሎን መስኮት ስከፍት ግን ወዲያው ወጣ። አሁን ልጆቹ ትምህርት ቤት እንደሄዱ ሁለቱንም እከፍታለሁ፤ ማታ ሳይመለስ ብርዱ እዘጋለሁ። በቤታችሁ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበት ሰው ካለ ግን መስኮት መክፈቱ ብቻ አይበቃም፤ ነገ ሳይሆን ዛሬ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከሱ ጋር የሚኖሩ ከሆነም እነሱም ይታዩ።

የጤና ጣቢያው መሠረት መቆፈር ተጀምሯል። ለምረቃው ከጠሩኝ ይዤ የምሄደው አንድ ከረጢት ዕጣን ነው።